ተመልካቹ በስንተኛው ሰከንድ ሄደ?

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የአንድ ቪዲዮ አናሊቲክስ ሲከፍቱ «Audience retention» የሚል ግራፍ ያገኛሉ። መስመሩ ቪዲዮውን ከከፈቱት ውስጥ በየቅጽበቱ ስንቱ እንደቀሩ ያሳያል። ዩቲዩብ ራሱ መግቢያውን የሚለካው በ30ኛው ሰከንድ ነው። እኔ ግን ጠቋሚውን 0:15 ላይ አሳርፋለሁ፤ ትልቁ መውረድ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ያልቃልና።

የስምንት ደቂቃ የዶሮ ወጥ አሠራር እንውሰድ። 0:03 ላይ 92 በመቶ፣ 0:15 ላይ 55 በመቶ ቀርቷል እንበል። በሦስት ሰከንድ የሄደው ጥቂት ስለሆነ ርዕሱንና የሽፋን ምስሉን አልጠረጥርም። መስመሩ ቁልቁል የወረደው 0:05 አካባቢ ነው። ቪዲዮውን እዚያ ስንከፍተው የቻናሉ አርማ ከነሙዚቃው ይመጣል፣ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ይከተላል፤ ሽንኩርቱ ድስት የሚገባው ገና 0:40 ላይ ነው።

ግራፉ የት እንደሄዱ እንጂ ለምን እንደሄዱ አይናገርም። ደግሞም ነባር ተከታይ አርማውን ይታገሳል፣ በፍለጋ የመጣ እንግዳ ግን አይታገስም። ስለዚህ 55ቱን ከሌላ ሰው ሳይሆን ተመሳሳይ ርዝመትና ተመሳሳይ የተመልካች ምንጭ ካላቸው የራስዎ ቪዲዮዎች ጋር ያነጻጽሩ። በሚቀጥለው ቪዲዮ አርማውን ብቻ አውጥተው በሽንኩርቱ ይጀምሩ፤ ሌላውን አይንኩ። ከዚያ ያንኑ 0:15 ያንብቡ።