ከየት ወደ የት? የአንድ ችግር ከባድነት ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ

አንድ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኮርሶችን ፈተና ሊያወጣ ነው እንበል፤ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። የጋራ ተማሪ ያላቸው ሁለት ኮርሶች በአንድ ሰዓት ሊሰጡ አይችሉም። ኮርሶቹን በነጥብ፣ ግጭቶቹን ነጥቦቹን በሚያገናኝ መስመር ብንስል ግራፍ ይወጣናል። ሂሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሦስቱም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከዚህ ሌላ ኬሚስትሪ ከባዮሎጂ፣ ባዮሎጂ ከታሪክ፣ ታሪክ ከኢኮኖሚክስ ይጋጫል። መስመሮቹ በድምሩ ስድስት ናቸው።

በዚህ ግራፍ ላይ ሁለት ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ በመካከላቸው አንድም መስመር የሌለ ቢያንስ k ነጥቦች ይገኛሉ ወይ የሚል ነው፤ ይህ ኢንዲፔንደንት ሴት ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱን መስመር ቢያንስ በአንድ ጫፉ የሚነኩ ቢበዛ m ነጥቦች ይገኛሉ ወይ ይላል፤ ይህኛው ቨርቴክስ ከቨር ነው።

ሂሳብ፣ ባዮሎጂና ኢኮኖሚክስ ስለማይጋጩ አብረው ሊፈተኑ ይችላሉ። የቀሩትን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ታሪክን ስንመለከት ደግሞ ስድስቱንም መስመሮች ይነካሉ። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የተመረጡት ነጥቦች የማይጋጩ ከሆኑ የየትኛውም መስመር ሁለቱ ጫፎች አብረው አልተመረጡም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ጫፍ ከቀሩት መካከል ነው። በተቃራኒው፣ የቀሩት ነጥቦች ሁሉንም መስመሮች የሚነኩ ከሆነ በተመረጡት መካከል ብቻ የተሰመረ መስመር ሊኖር አይችልም። እንግዲህ n ነጥቦች ባሉት ግራፍ ላይ k ነጥቦች ያሉት ኢንዲፔንደንት ሴት የሚገኘው n − k ነጥቦች ያሉት ቨርቴክስ ከቨር ሲገኝ፣ ያኔ ብቻ ነው።

ስቲቨን ኩክ በ1971 የሎጂክ ቀመርን እውነት የማድረግ ችግር፣ ማለትም ሳት፣ ኤንፒ-ኮምፕሊት መሆኑን አሳየ። ሪቻርድ ካርፕ በ1972 ከዚያ ተነሥቶ ከባድነቱን ወደ ሌሎች ችግሮች አሻገረ፤ ከዘረዘራቸው 21 ችግሮች አንዱ ቨርቴክስ ከቨር ነው። ማሻገሪያው ሪዳክሽን ይባላል።

ኢንዲፔንደንት ሴት ኤንፒ-ኮምፕሊት መሆኑን አስቀድመን አውቀናል እንበል። ቨርቴክስ ከቨርም እንዲሁ መሆኑን ለማሳየት ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው፣ መልስ ነው ተብሎ የቀረበ የነጥቦች ስብስብ በፍጥነት ሊፈተሽ እንደሚችል ማሳየት ነው፤ ነጥቦቹን ቆጥሮ መስመሮቹን አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። ሁለተኛው ሪዳክሽኑ ነው። ማንኛውንም የኢንዲፔንደንት ሴት ጥያቄ፣ ግራፉን Gንና ቁጥሩን kን፣ ተቀብለን ግራፉን ሳንነካ ቁጥሩን ወደ n − k እንለውጣለን። ቨርቴክስ ከቨርን በፍጥነት የሚፈታ ፕሮግራም ቢኖር፣ በዚህች አንዲት ቅናሽ ኢንዲፔንደንት ሴትንም በፍጥነት ይፈታልን ነበር። ስለዚህ ቨርቴክስ ከቨር ከኢንዲፔንደንት ሴት ሊቀል አይችልም።

ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት አቅጣጫውን ነው። ጉዞው ከባድነቱ ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደ አዲሱ ችግር መሄድ አለበት። የተገላቢጦሹ ምንም አያረጋግጥም። ለምሳሌ የግራፍ ነጥቦችን በሁለት ቀለም የመቀባትን ጥያቄ በቀላሉ ወደ ሳት መለወጥ ይቻላል፤ ሆኖም የሁለት ቀለም ጥያቄ ከባድ አይደለም። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ጎረቤቶቹን በተቃራኒ ቀለም እየቀቡ በመሄድ ይፈታል። ቀላልን ነገር በከባድ መሣሪያ መፍታት መቻሉ ቀላሉን ከባድ አያደርገውም። በእኛ ሁለት ችግሮች መካከል ያው ቅናሽ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ስህተቱ ተሸፍኖ ያልፋል፤ በሌሎች ችግሮች ላይ ግን ማስረጃውን በሙሉ ያፈርሳል።

ሪዳክሽኑ የሚያሻግረው የ«አለ» ወይም «የለም» መልስን ነው፤ የግምትን ጥራት አያሻግርም። ለቨርቴክስ ከቨር ቀላል የግምት ዘዴ አለ፤ ገና ያልተነካ መስመር ይፈለጋል፣ ሁለቱም ጫፎቹ ይወሰዳሉ፣ የሚቀር መስመር እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይደገማል። ውጤቱ ከትንሹ መልስ ከእጥፍ አይበልጥም፤ ምክንያቱም የተመረጡት መስመሮች የጋራ ጫፍ ስለሌላቸው፣ የትኛውም ትክክለኛ መልስ ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ጫፍ መውሰዱ ግድ ነው። አሁን 1000 ነጥቦች ያሉትን፣ ትንሹ ሽፋኑ 490 የሆነን ግራፍ እንውሰድ። ዘዴው እስከ 980 ነጥቦች ሊወስድ ይችላል። ትልቁ ኢንዲፔንደንት ሴት 510 ነጥቦች ሳሉት፣ ለእኛ የሚተርፉልን ግን 20 ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዱ በኩል ከእጥፍ ያላለፈው ስህተት በሌላው በኩል ከ25 እጥፍ በላይ ሆነ። ሁለት ችግሮች በትክክለኛ መልሳቸው አንድ ቢሆኑም፣ በግምታዊ መልሳቸው ላይ የሚባለው ለየብቻ መረጋገጥ አለበት።