ዋጋ የሚያርፍበትና የሚሮጥበት ቦታ

በተለመደው የዋጋ ቻርት ግርጌ ያሉት ዘንጎች በየሰዓቱ ምን ያህል እንደተገበያየ ያሳያሉ። ቮሊዩም ፕሮፋይል ያንኑ የግብይት መጠን በየዋጋው ይደምርና ከቻርቱ ጎን አጋድሞ ይስለዋል። ሐሳቡ የተወለደው ቺካጎ ነው። የቺካጎ ቦርድ ኦፍ ትሬድ ነጋዴ የነበረው ፒተር ስታይድልማየር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ማርኬት ፕሮፋይል፣ ገበያው በየዋጋው ላይ የቆየበትን ጊዜ ይቆጥር ነበር። ቮሊዩም ፕሮፋይል በጊዜው ፋንታ የተገበያየውን ብዛት ይቆጥራል።

ሥዕሉ ላይ ጉብታና ስስ ቦታ ይታያል። ጉብታው ገዢና ሻጭ ያለ ብዙ ክርክር የተስማሙበት፣ ገበያው የተቀበለው ዋጋ ነው። ስሱ ቦታ አንደኛው ወገን ስለሸሸ ዋጋው ሳይቆም ያለፈበት ነው፤ ገበያው አልተቀበለውም።

ለማሳያ ያህል በኢ-ሚኒ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ፊውቸርስ ላይ አንድ ሁኔታ እናስብ። ሰኞ ከ5,000 እስከ 5,010 ባለው ክልል ብዙ ኮንትራት ተገበያየ። ማክሰኞ ጠዋት የኢኮኖሚ ዜና ወጣና ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ 5,022 ደረሰ፤ ከዚያ እስከ 5,030 ሲመላለስ ሁለተኛ ጉብታ ሠራ። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው 12 ነጥብ ስስ ሆኖ ቀረ።

ረቡዕ ዋጋው ወርዶ ወደ ስሱ ቦታ ገባ። 5,019 ነክቶ ወዲያው ከ5,022 በላይ ከተመለሰ፣ ቦታው ዳግም ተገፍቷል ማለት ነው። እዚያው ከተንገዳገደና አዲስ ግብይት መከማቸት ከጀመረ ግን ገበያው ዋጋውን መቀበል ይዟል። ተጋፍቶ የሚይዘው ስለሌለ እስከ 5,010 በፍጥነት ሊወርድ ይችላል፤ አሮጌው ጉብታ ሲደርስ ደግሞ መቀዝቀዝ ይቀናዋል። በመመለሱ ተማምኖ 5,023 ላይ የገዛና 5,018 ላይ መውጫ ያስቀመጠ ሰው፣ ግምቱ ቢከሽፍ 5 ነጥብ ያጣል። አንድ ነጥብ 50 ዶላር ስለሆነ በአንድ ኮንትራት 250 ዶላር መሆኑ ነው፤ ኮሚሽኑና ገበያው በፍጥነት ሲሮጥ የሚጨመረው ልዩነት ሳይቆጠር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉብታውን እንደ ግድግዳ ሲያየው ነው። የተሸጠው ሁሉ ስለተገዛ የጉብታው ትልቅነት ብቻውን ማን እንደበረታ አይናገርም። እኔ እንደማየው ጉብታው የሚመስለው ጭቃን ነው፦ ዋጋው ገብቶ ይዘገያል፣ የሚወጣበት አቅጣጫ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። የምንቆጥርበትን ጊዜ ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ወር ብንለውጥም ጉብታዎቹ ቦታ ይቀይራሉ።

በፎሬክስ ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። የእጅ በእጅ የምንዛሪ ገበያ ሁሉም ግብይት የሚመዘገብበት አንድ ማዕከል የለውም። በጀማሪዎች ስክሪን ላይ ቮሊዩም ተብሎ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ደላላ ዘንድ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚቆጥር ቁጥር ስለሆነ፣ ለአንድ ዓይነት ምንዛሪ ሁለት ደላሎች የተለያየ ጉብታ ሊያሳዩ ይችላሉ።