የፊተኛው ረድፍ ጥላ የት ይደርሳል?

መሬት ላይ በረድፍ የተተከሉ ሶላር ፓነሎች ጠዋትና ማታ አንዱ ሌላውን ሊጋርዱ ይችላሉ። የፓነሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የታችኛውን ጠርዝ ብቻ የሸፈነች ቀጭን ጥላ ከስፋቷ እጅግ የበለጠ ኃይል ታሳጣለች።

አዲስ አበባን እንውሰድ። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ፓነል ወደ ደቡብ በ10 ዲግሪ ሲያዘነብል የላይኛው ጠርዙ ከታችኛው 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጥላ ወደ ሰሜን አብዝቶ በሚረዝምበት በታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ 4 ሰዓት ሲቀራት ጥላው ወደ ኋላ 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከቀትር 4 ሰዓት በኋላም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በሜዳማ መሬት 45 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወ ረድፎቹ ለ8 ሰዓት አይጋረዱም። ፓነሉ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ግን ክፍተቱ 1.20 ሜትር መሆን አለበት።

መሬቱ ወደ ሰሜን የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ጥላው ይረዝማልና ክፍተቱ ይጨመር። በታኅሣሥ ጠዋት የኋላውን ረድፍ የታችኛውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላም ጥላ ካለበት ረድፎቹ ተጠጋግተዋል።