ቤቱ ያፈሳል፤ ቀኑስ መቼ ነው?

የአዲስ አበባ የቆርቆሮ ቤት ማፍሰስ መጀመሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በበልግ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይዘንባል፤ ከኮርኒሱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ተከራዩ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጥና ለአከራዩ ይደውላል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እሺ፣ አየዋለሁ»። ፀሐይ ስትወጣ ጉዳዩ ይረሳል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይቸገራሉ፤ አናጢ እንደልብ አይገኝም፣ የራሰ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ያዳልጣል፣ ቀዳዳ የሚደፈንበት ማጣበቂያም እርጥብ ነገር ላይ አይዝም።

በስልክ የተባለውን ነገር ወደ ወረቀት መቀየር የሚያስፈልገው በዚህ መሀል ነው። ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ እንዲሆን አድርጎ የማቆየት ግዴታ አለበት ይላል፤ በተከራይ ላይ የሚወድቁት ጥቃቅን እድሳቶች ናቸው። በእርጅና የተበላ ጣሪያ ከእነዚህ አይቆጠርም። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 1772 ላይ፣ አንዱ ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመክሰስ በቅድሚያ «ፈጽምልኝ» ብሎ ማስጠንቀቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል። አንቀጽ 1774 ደግሞ ማስጠንቀቂያው የጊዜ ገደብ ሊይዝ እንደሚችል፣ ገደቡም እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን እንዳለበት ይናገራል። የጣሪያው ደብዳቤ ክብደት የሚያገኘው ከዚህች «ተገቢ» ከምትለው ቃል ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ጉለሌ አካባቢ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት የተከራየች አንዲት እናት እንውሰድ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱ ችፑድ። ባለቤቲቱ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው። ተከራይዋ ሚያዝያ ላይ በስልክ ነግራቸው ነበር። ግንቦት ላይ እንደገና ሲያፈስ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦

«ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤቱ ባለቤት

ጉዳዩ፦ የሚያፈሰውን ጣሪያ ስለማሳደስ

ከእርስዎ የተከራየሁት ቤት ባለፈው ወር በስልክ እንደነገርኩዎት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያፈሳል። ግንቦት 1 እና ግንቦት 3 ማታ በመኝታ ክፍሉ በስተግራ ጥግ ውኃ ወርዷል። ኮርኒሱ ሁለት ክንድ ያህል ጠቁሮ ወደ ታች ረግቧል፤ እርጥበቱም ወደ አምፖሉ እየቀረበ ነው። ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ።

ስለዚህ እስከ ሐሙስ ግንቦት 7 ድረስ መጥተው ወይም ሰው ልከው እንዲያዩት፣ እድሳቱም እስከ ማክሰኞ ግንቦት 19 ድረስ እንዲያልቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በሩን እከፍታለሁ። ቀኑ የማይመችዎት ከሆነ የሚመችዎትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር»

ደብዳቤው አጭር ቢሆንም ሆን ተብሎ የተተወ ነገር አለበት። ተከራይዋ «ቆርቆሮው ተቀዷል» አላለችም። ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታና ውኃ የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ በአንድ ሚስማር ቀዳዳ የገባ ውኃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ ርቆ ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱ የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ መሰንጠቁ ሊሆን ይችላል፤ የቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ውኃው ወደ ውስጥ ተመልሶም ይሆናል። ተከራይ ምክንያቱን ገምቶ ከጻፈ አከራዩ ያንን ብቻ አስደፍኖ «የጠየቅሽውን ሠርቻለሁ» ሊል ይችላል። ያየችውን ብቻ ከጻፈች ግን መለኪያው ቤቱ ማፍሰስ ማቆሙ ይሆናል።

ዝናቡ የዘነበባቸው ቀናት የተጠቀሱትም ለከንቱ አይደለም። በብርድ ወራት የቤት ውስጥ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ወዝቶ ዝናብ ሳይኖር ንጋት ላይ ሊንጠባጠብ ይችላል። ይህ የጣሪያ ቀዳዳ ሳይሆን የአየር መተላለፊያ ችግር ነው። ጠብታው ከዝናቡ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ግን ክርክሩ ያጥራል።

ወደ ቀነ ገደቡ እንመለስ። ተከራይዋ ሁለት ቀን ቆርጣለች፤ አንዱ ለማየት፣ ሌላው ለመጨረስ። ለማየት ሦስት ቀን ይበቃል፤ በተለይ ውኃና መብራት ከተቀራረቡ። ለመጨረስ አሥራ አምስት ቀን የሰጠችው ሥራውን አስባ ነው። ጥቂት ቆርቆሮና ሚስማር መቀየር ለአናጢ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ቀሪው ጊዜ ባለቤቲቱ ሰው የሚፈልጉበት፣ ዋጋ የሚያጠያይቁበትና ዕቃ የሚገዙበት ነው። ቀኑ ሰኔ ሳይገባ ያልቃል። «በአስቸኳይ» ብላ ብትተወው ኖሮ ቀነ ገደብ የለውም፤ «በ24 ሰዓት» ብትል ደግሞ ዳኛ ፊት ተገቢ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል።

ያው ደብዳቤ ሐምሌ ላይ ቢጻፍ ቀናቱ ይለወጡ ነበር። ያኔ በሁለት ቀን ውስጥ በላስቲክ ወይም በሸራ እንዲሸፈን፣ ዋናው እድሳት ደግሞ ፀሐይ በሚገኝባቸው ቀናት እንዲሠራ መጠየቁ ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ብዙ ተከራይ እዚህ ላይ የሚሳተው በኪራዩ ነው። «ካላደሱ አልከፍልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደብዳቤውን ያዳክመዋል፤ ኪራይ አለመክፈል ራሱ ለማስወጣት ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ ይችላልና። ራስ አሳድሶ ከኪራይ መቀነስም ቢሆን በቅድሚያ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ ከተከለከለ ፍርድ ቤት ሥራው በባለዕዳው ወጪ እንዲሠራ ሊፈቅድ እንደሚችል አንቀጽ 1777 ይናገራል።

ሌላው ስጋት «ብጽፍ ያስወጡኛል» የሚል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያስገድድ፣ የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ እድሳት በመጠየቁ ብቻ በአፍ «ውጣ» አይባልም። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ውሉን አውጥቶ ስለ እድሳት የተባለ ነገር እንዳለ ማየት ይጠቅማል።

ተከራይዋ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን ለባለቤቲቱ ትሰጣለች፤ በሁለተኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ከነቀኑ እንዲፈርሙላት ትጠይቃለች። አልፈርምም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዳ በሪኮማንዴ ትልክና ደረሰኙን ከውሉ ጋር ታስቀምጣለች። ባለቤቲቱ «ደመወዝ እስኪደርስ እስከ ግንቦት 30 ታገሽኝ» ቢሉ መስማማት ትችላለች፤ አዲሱ ቀን ግን በዚያው ቅጂ ጀርባ ተጽፎ ይፈረምበታል። ያም ቀን ካለፈ፣ የፊተኛውን ደብዳቤ ቀን ጠቅሳ ሁለተኛ አጭር ደብዳቤ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ወደ ሽማግሌም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ በእጇ ውሉን፣ ሁለቱን ደብዳቤዎች፣ የፖስታ ደረሰኙንና ቀን ያለባቸውን ፎቶዎች ትይዛለች።