ተመልካች አጭር ቪዲዮን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ጥሎ የሚሄደው ለምንድን ነው?

በዩቲዩብ ሾርትስ፣ በቲክቶክና በኢንስታግራም ሪልስ ላይ የሚቀርብ አጭር ቪዲዮ ተመልካቹ ርዕሱንና የሽፋን ምስሉን አይቶ የሚከፍተው ሳይሆን ጣቱን ሲያንሸራትት ራሱ የሚጀምርለት በመሆኑ፣ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከመክፈት በፊት የሚደረገው ምርጫ እዚህ ቪዲዮው ከጀመረ በኋላ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ከሚሄዱት ውስጥ ብዙዎቹ እንግዲህ ሰልችቷቸው የተዉት ሳይሆኑ ገና ሳይመርጡት ያለፉት ናቸው። የሙያው ሰዎች «ሁክ» የሚሉት መክፈቻ፣ ማለትም የመጀመሪያው ምስል፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርና በማያ ገጹ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ በአንድነት፣ ሥራው ቪዲዮው ስለ ምን እንደሆነና ለማን እንደተዘጋጀ ከዚህ ምርጫ በፊት ማሳወቅ ነው።

መክፈቻው ይህን መፈጸሙ የሚታየው በቆይታ መስመር ላይ ነው። መስመሩ በአግድም የቪዲዮውን ሰከንዶች፣ በቁመት ደግሞ በየሰከንዱ እያዩ ያሉትን ተመልካቾች በመቶኛ የሚያሳይ ሲሆን፣ ቁልቁለቱ በበረታበት ቦታ ብዙ ሰው ሄዷል ማለት ነው። የመቶኛው ስሌት ከማን እንደሚጀምር ማወቅ ግን መስመሩን ከማንበብ ይቀድማል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 በአማካይ የመታያ ጊዜ ስሌቱ ላይ ስሕተት እንደነበረ ያመነው ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከአካፋዩ በማስቀረቱ ነበር፤ ፈጥነው የሄዱት ሳይቆጠሩ በመቅረታቸው አማካዩ ከእውነተኛው በላይ ተጋንኖ ታይቷል። ዩቲዩብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 መጨረሻ ጀምሮ ሾርትስ መጫወት እንደጀመረ አንድ ዕይታ ብሎ ስለሚቆጥር፣ የዕይታው ቁጥር ብቻውን ማን እንደቆየ አይናገርም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ቆይተው ያዩትንና አንሸራትተው ያለፉትን ለይቶ የሚያሳየው መቶኛ ከቆይታው መስመር ጎን ለጎን መነበብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለማብራራት ያህል ስለ ሽሮ አሠራር የተዘጋጀ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ እንውሰድና ለ1,000 ሰዎች ተጀምሮላቸዋል እንበል። የመጀመሪያው ቅጂ በቻናሉ አርማና በሰላምታ ሲከፈት በሦስተኛው ሰከንድ 520፣ በዐሥረኛው 442 ሰዎች ይቀራሉ። አዘጋጁ ሰላምታውን አውጥቶ «ሽሮ ስትሠሩ ሁላችሁም የምትሳሳቱት አንድ ነገር አለ» በሚል ዐረፍተ ነገር ሲተካው በሦስተኛው ሰከንድ የሚቀሩት 760 ይሆናሉ፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱ የሚገለጸው መጨረሻ ላይ በመሆኑና መካከሉን ሽንኩርት መክተፍ ስለሚይዘው በዐሥረኛው ሰከንድ 418 ብቻ ይገኛሉ። ሦስተኛውን ሰከንድ ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛውን ቅጂ የተሻለ ይለዋል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ሰከንድ ከነበሩት ውስጥ እስከ ዐሥረኛው የቆዩት ሲሰሉ የመጀመሪያው 85 በመቶውን ሲይዝ ሁለተኛው የያዘው 55 በመቶውን ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ችግር እንግዲህ መክፈቻው ብቻ ሲሆን፣ የሁለተኛው ችግር መክፈቻው የገባው ቃል አለመፈጸሙ ነው፤ ሁለቱም ተመልካች አጡ ቢባልም መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ሦስተኛው ቅጂ የጓጎለ ሽሮ በድስት ውስጥ በማሳየት ተከፍቶ በአራተኛው ሰከንድ ዱቄቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ሲበጠበጥ ቢያሳይና በሦስተኛው ሰከንድ 740፣ በዐሥረኛው 592 ሰዎች ቢቀሩለት፣ መክፈቻውም የተከተለውም ክፍል እንደሠሩ ይታወቃል።

መስመሩ ሰዎች የሄዱበትን ቅጽበት እንጂ የሄዱበትን ምክንያት ስለማያሳይ፣ ቁልቁለቱ በጀመረበት ሰከንድ ቪዲዮውን አቁሞ በዚያ ቅጽበት ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሰማ መመልከት ያስፈልጋል፤ ተመልካቹ ለመወሰንም ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከቁልቁለቱ ትንሽ ቀድሞ ይገኛል። በሁለት ቅጂዎች መካከል ከአንድ በላይ ነገር ከተለወጠ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ጥቂት መቶ ዕይታ ብቻ ባገኘ ቪዲዮ ላይ ደግሞ የትንንሽ ልዩነቶች ከፍና ዝቅ ማለት ከአጋጣሚ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ቪዲዮው ሳይለወጥ መስመሩ የሚለወጥበት ሁኔታ ነው። አዘጋጁን አስቀድመው የሚያውቁት ተከታዮች ሰላምታውንም ታግሠው ስለሚያዩ ቪዲዮው በእነርሱ መካከል ሳለ መስመሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወደማያውቁት ሰዎች ሲዳረስ ያው መክፈቻ ብዙዎችን ስለማያስቆም መስመሩ ይወርዳል፣ አዘጋጁም ያልተበላሸውን ሊያስተካክል ይነሣል። የሁለት ቅጂዎች መስመር የሚነጻጸረው ስለዚህ ተመልካቾቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ፣ ቢያንስ የተከታዮችና የእንግዶች ድርሻ ሲቀራረብ ነው። ከመቶ በላይ የሚወጣ መስመርም እንዲሁ መጠንቀቅን ይጠይቃል፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ራሱ እየደገመ ስለሚጫወት፣ እጅግ አጭር የሆነ ቪዲዮ የደገሙት ሰዎች የሄዱትን ሸፍነው መክፈቻው የሠራ ሊያስመስሉት ይችላሉ።