ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ መግባት ሲያቅት

አንዳንድ ድረ ገጽ ፓስወርዱን ያለ ቅሬታ ይቀበልና ተጠቃሚውን መልሶ ወደዚያው መግቢያ ገጽ ይልከዋል። ገጹ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አድራሻው ይቀያየራል፤ መድረሻው ግን ያው ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፓስወርዱን ይቀይራል። ይህ ከንቱ ድካም ነው፤ ፓስወርዱ ስህተት ቢሆን ኖሮ ገጹ እዚያው ይናገር ነበር። የጠፋው ሰውየው መግባቱን የሚያሳየው ማስረጃ ነው።

ይህ ማስረጃ ኩኪ ይባላል። ሰርቨር በራሱ አንዱን ጥያቄ ከሚቀጥለው ጋር ስለማያያይዝ፣ የገባውን ሰው የሚያውቀው ብሮውዘሩ ውስጥ ባስቀመጣት አጭር ጽሑፍ ነው። ዘዴውን በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የኔትስኬፕ መሐንዲሱ ሉ ሞንቱሊ ነበር። ብሮውዘሩ ኩኪዋን ካልላከ፣ ከደቂቃ በፊት የገባው ሰው ለሰርቨሩ እንግዳ ነው።

በደንብ የሚታወቀው ምሳሌ የማይክሮሶፍት ቲምስ ነው። ቲምስ በብሮውዘር ሲከፈት አገልግሎቱ በራሱ አድራሻ፣ መግቢያው ደግሞ login.microsoftonline.com ላይ ነው። ለብሮውዘሩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ድረ ገጾች ናቸው። ተጠቃሚው መግቢያው ላይ ፓስወርዱን ሲሰጥ ኩኪው ያለ ችግር ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ቲምስ ይመለሳል። ቲምስ ደግሞ በገጹ ውስጥ የማይታይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ፣ «ይህ ሰው ገብቷል?» ብሎ መግቢያውን ይጠይቃል። ብልሽቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው ያለው ቲምስ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ የመግቢያው ኩኪ በዚያ መስኮት ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ተደርጎ ይቆጠራል። ብሮውዘሩ ከከለከለው መልሱ «አልገባም» ይሆናል። ቲምስ ሰውየውን ወደ መግቢያው ይልከዋል፤ መግቢያው ግን በራሱ ገጽ ላይ የራሱን ኩኪ ስለሚያይ፣ «ይህማ ገብቷል» ብሎ ይመልሰዋል። አንዱ ቢሮ ማስረጃ አምጣ ሲል፣ ሌላው ማስረጃህ ተሰጥቶሃል ሂድ እንደሚለው ባለጉዳይ፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሰውየው ሲመላለስ ይውላል።

ክልከላው የተጀመረው ለክፋት አይደለም። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የማስታወቂያ ድርጅቶች ሰውን ከገጽ ገጽ የሚከታተሉበት መሣሪያ ነው። ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አገደው። ፋየርፎክስም ኩኪን ለየድረ ገጹ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ውጤቱ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ክሮም በመደበኛ መስኮቱ ቢፈቅድም በድብቅ መስኮቱ ያግዳል።

ሁለተኛው መንስኤ ያረጀ የብሮውዘር መረጃ ነው። ድረ ገጹ አሠራሩን ቀይሮ ብሮውዘሩ የቀድሞውን ኩኪ ሲልክ፣ መግቢያው ሲቀበለው አገልግሎቱ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። የዚህ ዑደት ምልክቱ ለየት ይላል። ማዞሩን የሚያዘው ሰርቨሩ ከሆነ ብሮውዘሩ ሃያ ጊዜ ያህል ሄዶ ተስፋ ይቆርጣል፤ ክሮም ላይ ERR_TOO_MANY_REDIRECTS የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የቲምስ ዓይነቱ ግን ገጹ ከተከፈተ በኋላ በውስጡ ባለው ፕሮግራም የሚነዳ ስለሆነ ብሮውዘሩ ላያስቆመው ይችላል።

ለመለየት ሰዎች ቶሎ የሚሞክሩት ድብቅ መስኮትን ነው። ሙከራው ጥሩ ነው፤ ውጤቱን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድብቅ መስኮት ከገባ ጥፋቱ ያረጀው መረጃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያ መስኮት የሚጀምረው ከባዶ ነውና። ካልገባ ግን አሮጌው መረጃ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ መስኮቱ ራሱ የሦስተኛ ወገን ኩኪን አግዶ ሊሆን ይችላል።

ያረጀ መረጃ ከሆነ የብሮውዘሩን መረጃ በሙሉ መደምሰስ አያስፈልግም፤ ያ ከሁሉም ድረ ገጽ ያስወጣል። የአገልግሎቱንና የመግቢያውን መረጃ ብቻ ማጥፋት ይበቃል። አብዛኛው ሰው አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ይረሳል፤ ዑደቱም ይቀጥላል። ክሮም ላይ ዝርዝሩ የሚገኘው በዚህ አድራሻ ነው፦

```
chrome://settings/content/all
```

ክልከላው ከሆነ ደግሞ በክሮም ማስተካከያ Privacy and security ስር ባለው Third-party cookies በኩል ለተወሰኑ ድረ ገጾች ብቻ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ለቲምስ ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲፈቀዱ ከሚጠይቃቸው መካከል እነዚህ አሉ፦

```
[*.]microsoft.com
[*.]microsoftonline.com
[*.]teams.skype.com
```

ክልከላውን ለሁሉም ድረ ገጽ ማንሳት ግን ለአንድ በር ሲባል ቤቱን ሁሉ መክፈት ነው፤ አይመከርም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ማስተካከያው በአስተዳዳሪው ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ የአይቲ ክፍሉ ነው። በተለያዩ ብሮውዘሮችም ሆነ በሌላ ስልክ ዑደቱ ያው ከሆነ፣ ጥፋቱ የሰርቨሩ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ተጠቃሚው ኩኪ ቢያጠፋም ቢፈቅድም ለውጥ አያመጣም፤ ለድረ ገጹ ባለቤት ማሳወቅ ብቻ ይቀረዋል።