ጭሱን በጆሮ ማሳየት

ጭስ ድምፅ የለውም። በሰፈር መሐል ስለሚቃጠል የቆሻሻ ክምር የሬዲዮ ድራማ ለመጻፍ የተቀመጠ ደራሲ ገና ከመጀመሪያው ትዕይንት የሚቸገረው በዚህ ነው። ተራኪ አስገብቶ «ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው» ቢያሰኝ አድማጩ እንደ ዜና ሰምቶ ያልፈዋል። ልምድ ያለው ጸሐፊ ግን ጭሱ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ያሰማል፦ መስኮት በኃይል ይዘጋል፣ ከገመድ ላይ ልብስ በጥድፊያ ይለቀማል፣ ከውስጥ ሕፃን ታስላለች። የእሳቱ መንጣጣት ደግሞ ሴሎፎን ወረቀት ማይክሮፎን አጠገብ ቀስ እያሉ በመጨማደድ በስቱዲዮ ውስጥ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ድራማ ለኢትዮጵያ አድማጭ እንግዳ አይደለም። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች በአማርኛ ተላልፎ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤተሰብ አወያይቷል። የአጻጻፉ መሠረት የሜክሲኮው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ ያዳበረው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንዱ ገጸ ባሕርይ መልካሙን መንገድ ይይዛል፣ ሌላው ይቃወመዋል፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል እየዋለለ ቀስ በቀስ ይለወጣል። አድማጭ ራሱን የሚያየው በዚህ በሚዋልለው ሰው ውስጥ ስለሆነ የድራማው ክብደት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ረቂቅ እንውሰድ። ጋሽ ታደሰ በጡረታ ላይ ያሉ የሰፈር ሰው ናቸው፤ ማታ ማታ በአጥራቸው ጥግ የተከመረውን ቆሻሻ ያቃጥላሉ። ሰናይት ከአጥሩ ወዲያ ማዶ የምትኖር የአንዲት ሕፃን እናት ናት። ሁለቱም የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በድምፅ እንዳይመሳሰል ተደርጎ መመረጡም በምክንያት ነው፤ የሬዲዮ አድማጭ የሚናገረውን ሰው የሚለየው በድምፁና በስሙ ብቻ ነውና።

ሰናይት፦ ጋሽ ታደሰ! ኧረ ስለ እግዜር፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አድራለች!

ጋሽ ታደሰ፦ ታዲያ ምን ላድርገው? የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ከመጣ ሁለት ሳምንት አለፈው። ውሻ እየጎተተ በሬ ላይ ሲበትነው ቆሜ ልየው?

ሰናይት፦ እርስዎ በር ላይ እንዳይበተን እኛ ቤት ይታፈን?

ጋሽ ታደሰ፦ ዝንቡ ሲወርሽ ያኔ ታመሰግኚኛለሽ!

ይህ ጠብ የሚሠራው ሁለቱም እውነት ስላላቸው ነው። ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አድማጩ በመጀመሪያው ደቂቃ ፈርዶባቸው ሬዲዮውን በዘጋ ነበር። ጠቡ ይባስ እንዲካረር ሲፈለግም ስድብ መጻፍ አያስፈልግም። በሦስተኛው ክፍል ላይ ሰናይት ጋሽ ታደሰን ሳታስበው «አንተ» ብላ ስትጠራቸው፣ ከዚያ የሚከተለው የሦስት ሰከንድ ዝምታ ከማንኛውም ጩኸት በላይ ይሰማል። እሷም ትደነግጣለች፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ኩራቷ አይፈቅድም።

ብዙ ረቂቆች የሚበላሹት ከዚህ በኋላ ነው። የጤና ባለሙያ ይገባና ስለ ጭስ ጉዳት ለአራት ደቂቃ ያስተምራል፤ ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቅንቀው «እውነትሽን ነው» ይላሉ፤ ድራማው አለቀ። ለዓመታት ሲያቃጥል የኖረ ሰው በአንድ ንግግር አይለወጥም፤ አድማጩም ይህን ያውቃል።

የተሻለው መንገድ ጋሽ ታደሰ በራሳቸው ዐይን የሚያዩትን ነገር መፈለግ ነው። በእኛ ረቂቅ የሚያስደነግጣቸው ክምሩ ራሱ ነው። ስንት ምሽት አቃጥለው ክምሩ አልቀነሰም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በአዲስ አበባ ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍራፊና የመሳሰለው እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ ነገር ደግሞ በነበልባል አይነድም፤ እየታፈነ ይጨሳል። ፈጥኖ የሚነደው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ በአካፋ ሲቆፍሩት ከአመዱ ሥር የጫት ገረባው፣ የሙዝ ልጣጩና የተሰበረው ጠርሙስ እንዳለ ይወጣል። «እኔ ለካ ፌስታል ነው ሳቃጥል የከረምኩት!» ይላሉ ለራሳቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትገባው አሁን ነው፤ ያውም ተጠይቃ። የምትናገረውም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ፕላስቲክ በእንዲህ ያለ ደካማ እሳት ሲቃጠል ደቃቅ ብናኝና መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ብናኙ በጣም ትንሽ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይገባል፣ ሕፃናትም ይበልጥ ይጎዳሉ። የተረፈውን ጥያቄ የምታነሳው ሰናይት ናት፦ ሰብሳቢዎቹ ለምን ቀሩ?

ታሪኩ ከስብከት የሚድነው በዚህ ጥያቄ ነው። ሰናይት የማኅበሩን ልጆች ፈልጋ ስታገኛቸው መልሱ ቀላል ሆኖ ይገኛል። በመንደሩ መግቢያ ያለው የቦይ ክዳን ተሰብሮ ጋሪያቸው አያልፍም። ጥፋቱ የጋሽ ታደሰም፣ የሰብሳቢዎቹም ብቻ አልነበረም፤ ክዳኑ ሲሰበር አይቶ ዝም ያለው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ጉዳዩ በዕድር ስብሰባ ላይ ይነሳና መዋጮ ይወጣል። የጽዳቱም ቀን ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ግን ክዳኑ ተጠግኖ ጋሪው የሚመጣበት ሰዓት ከታወቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ሰው ቆሻሻውን ለቅሞ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላና የሚወስደው ሲያጣ ክምሩ አንድ አጥር ተሻግሮ ይቀመጣል።

የጽዳቱ ትዕይንት በዘፈንና በጭብጨባ ብቻ መታለፍ የለበትም፤ አድማጩ ነገ በሰፈሩ ሊሠራው ይችላልና። ክምሩ ላይ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ይፈሳል፤ ከላይ የጠፋ የሚመስል እሳት ከውስጥ ለቀናት ፍም ሊይዝ ስለሚችል። የፍሙ ከውሃ ጋር «ጭስስ» ማለት ለድራማው ጥሩ ድምፅ ነው። አመዱ ደርቆ ሳለ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ ብናኙ ይነሳል። ረጥቦ በአካፋ ይዛቃል። መርፌና ስባሪ ጠርሙስ በባዶ እጅ አይነካም፤ ወፍራም ጓንት ባደረገ ሰው ይለቀምና ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ይቀመጣል። ልጆች ከክምሩ ይርቃሉ። የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለብቻ ይለያል። በዚህ ትዕይንት የቆራሌው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ጋሽ ታደሰም ሲያቃጥሉት የኖሩት ነገር ገዢ እንዳለው የሚያውቁት ያኔ ነው።

አዘጋጆች ታሪኩን በጽዳቱ ቀን ደስታ መዝጋት ይወዳሉ። ይህ ስህተት ነው። የእውነተኛ ሰፈር ፈተና የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሰው በጨለማ የመጀመሪያዋን ፌስታል በዚያው ጥግ ሲወረውር ነው። ስለዚህ ከጽዳቱ ቀጥሎ ቢያንስ አንድ ክፍል ያስፈልጋል። በእኛ ረቂቅ ፌስታሉ «ዷ» ብሎ ሲወድቅ የሚሰሙት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ወጥተውም ከወርዋሪው ጋር ይነጋገራሉ፤ የተከራየ አዲስ ሰው ኖሮ ጋሪው የሚመጣበትን ቀን የነገረው የለም። ሰናይትም በዚሁ ክፍል ነው «ጋሽዬ፣ ያን ቀን አፌ አዳልጦኝ ነው» የምትላቸው።

እንዲህ ያለ ድራማ ለመጻፍ ያሰባችሁ ሁሉ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ማለዳ ከሰብሳቢዎቹ ጋሪ ኋላ ተከተሉ። ጋሪው የሚቆምበትን ቦታ፣ የማይደርስበትን በር፣ ሠራተኞቹ የሚሰሙትን ስድብ ጻፉ፤ ድራማችሁ ሲተላለፍም በየክፍሉ መጨረሻ በአካባቢያችሁ ያለውን ማኅበር የመሰብሰቢያ ቀን አስነግሩ።